«አንቺ» የተባለችው ማን ናት? የአማርኛ ምስጋና ግጥም ውጭ አገር ለተወለዱ ልጆች ሲተረጎም



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ገጽ ወረቀት ነው። የፍልሰታ ጾም ሲገባ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ እዚህ አሜሪካ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ዝግ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ከእኛ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ፣ ወዳሴ ማርያም ሲተረጎም ይሰማሉ፣ ማታ ማታ ለእመቤታችን ግጥም እንዲያነቡ ይጠየቃሉ። ያን ጊዜ አንዳችን ወረቀት ይዘን እንቀርባለን፤ ላዩ ላይ አማርኛ፣ ሥሩ እንግሊዝኛ። የዛሬው ጥያቄዬ ያ እንግሊዝኛ ምን መሆን አለበት የሚል ነው።

የማወራውም ስለ ተወሰኑ ልጆች ነው። ፊደል ቆጥረዋል፤ ጣታቸውን እያስጠጉ «እ... ሳ... ት» ብለው ያነባሉ፤ እስከ ስንኙ መጨረሻ ሲደርሱ ግን መጀመሪያው ጠፍቷቸዋል። ጆሯቸው ደግሞ ከዓይናቸው ይበልጣል። የማእድ ቤቱን አማርኛ፣ የቁጣውን፣ የቁልምጫውን አማርኛ ይሰማሉ። ፈጽሞ አማርኛ የማይሰማ ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ዛሬ አልነካውም።

ለማሳያ የሰው ሥራ ላይ መቀስ ማንሳት ስላልፈለግሁ ስድስት ስንኝ ራሴ ጽፌአለሁ። ግጥሙ ቢከፋችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለትርጉሙ ችግር ግን በቂ ነው። እነሆ፦

እሳት አቅፈሽ ይዘሽ ቅጠልሽ አልጠፋ፤
አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየ ተስፋ።
ምድሩ ደርቆ ሳለ አንቺ ብቻ ራስሽ፤
የሰው ልጅ ሲጠማ በጠልሽ ደረስሽ።
እኔም በሰው አገር ደረጃ ስወጣ፣
መሰላሌ ነዪ ጉልበቴን ሳላጣ።

ቤቱ የወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። ከእናንተ ውስጥ ይህ ግጥም ለማን እንደተጻፈ የጠየቀ የለም። ማንም አይጠይቅም። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ስድስቱ ስንኞች ውስጥ የእመቤታችን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። የነገረን «ሽ» ነው። «አቅፈሽ»፣ «ቅጠልሽ»፣ «ራስሽ»፣ «ደረስሽ»፣ መጨረሻም «ነዪ»። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በምስጋና ቃና፣ እሳት ታቅፋ ያልተቃጠለች ሴት ስትጠራ ሌላ ማን ልትሆን ነው?

አሁን ወደ እንግሊዝኛ እንሂድ። ያ ሁሉ «ሽ» አንድ ቃል ይሆናል፦ «ዩ»። «ዩ» ደግሞ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይናገርም። ልጁ የመጀመሪያውን ስንኝ በእንግሊዝኛ ሲያነብ እሳት ያቀፈ ቅጠላም ነገር ያገኛል። ዛፍ ነው? መልአክ ነው? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሆነ ደግሞ የመጀመሪያ ግምቱ እግዚአብሔር ነው። እንዲህ ያለ ትርጉም ሰጥቼ «ይሄ ለማን ነው የተጻፈው?» ብዬ ስጠይቅ በብዛት የማገኘው መልስ «ጋድ» የሚል ነው። ልጆቹ አልተሳሳቱም። ወረቀቱ ያላቸውን ነው የመለሱልኝ።

ብዙ ተርጓሚዎች ይህን የሚያስተካክሉት ስሟን በየስንኙ በመሰካት ነው። «ማርያም ሆይ»፣ አሁንም «ማርያም ሆይ»። እኔ አልወደውም። ግጥሙ ስም ሳይጠራ የሚናገር ከሆነ፣ ያ ዝምታ የግጥሙ ጠባይ ነው። ስሙን ከላይ፣ ከርእሱ ላይ አንድ ጊዜ አስቀምጡት፤ ከዚያ በኋላ «ዩ» የሚለው ሁሉ ወደ እሷ ይመለሳል። አማርኛው ርእስ ባይኖረው እንኳ እንግሊዝኛው ይኑረው። ርእሱ ላይ «ሌዲ» የሚለውን ቃል ብቻውን አትጠቀሙ። የእኛን «እመቤት» ያህል ክብር ያለው ይመስለናል፤ አሜሪካ ያደገ ልጅ ጆሮ ውስጥ ግን ገበያ ላይ ወረፋ ስታበላሽ በዚህ ቃል የምትጠራ፣ ልጁ የማያውቃት ሴትዮ ናት። ስሟ አብሮ ካለ ግን ይሠራል።

እዚሁ ላይ ሌላ ፈተና አለ። ለእመቤታችን የሚጻፍ እንግሊዝኛ ሲሆን እጃችን ወደ ጥንቱ «ዛው» እና «ዛይ» ይሄዳል። ቅዱስ ቃና ይሰጣል ብለን እናስባለን፤ በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ስላስለመደን የጸሎት እንግሊዝኛ እንደዚያ መሆን ያለበት ይመስለናል። ታሪኩ ግን ተቃራኒ ነው። «ዛው» ለአንድ ሰው፣ ለቅርብ ሰው የሚባል ቃል ነበር፤ ከዕለት ንግግር ከጠፋ በኋላ ነው የክብር ካባ የለበሰው። የዛሬ ልጅ ሲሰማው የፍርድ ቤት ወይም የድራማ ቋንቋ ነው።

እኛ ዘንድስ? ልጆቻችንን አያታቸውን «እርስዎ» በሉ ብለን እንቆጣለን። ለአምላክ ግን «አንተ» እንላለን፣ ለእናቱም «አንቺ»። «ይምጡ» አንልም፤ «ነዪ» እንላለን። «ነይ» ማለት ደግሞ እያንዳንዷ ልጃችን በቀን ብዙ ጊዜ ከማእድ ቤት የምትሰማው ቃል ነው። ያቺ ልጅ ግጥሙ ውስጥ «ነዪ»ን ስታገኝ፣ እናቷ እሷን በምትጠራበት ድምፅ እመቤታችን እየተጠራች መሆኑን መስማት ትችላለች። ይህን በ«ዛው» ብንተረጉመው የሸፈንነው በጣም ቅርብ የሆነውን ቦታ ነው። ስለዚህ ተራው «ዩ»፣ ተራው «ካም» ይበቃል።

ከዚህ በመነሳት አንድ የአሠራር ልማድ አለኝ። ከመተርጎሜ በፊት ግጥሙን ለልጆቹ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ የሚያውቁት ቃል ሲመጣ እጅ ያወጣሉ፤ እኔ እርሳስ ይዤ አሰምርበታለሁ። በዚህ ግጥም «እሳት»፣ «ቅጠል»፣ «ብቻ»፣ «ደረጃ»፣ «ነዪ»፣ «ጉልበት» ይሰመርባቸዋል። «ጠል» አይሰመርበትም። «አላፊ አግዳሚ» አይሰመርበትም። ያልተሰመረበት ቦታ ላይ ነው እንግሊዝኛው ጠንክሮ መሥራት ያለበት፤ የተሰመረበት ቦታ ላይ ቀለል ብሎ ልጁን ወደ አማርኛው ይልቀቀው። (ስለ «ጠል» አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንግሊዝኛው «ዲው» ነው፤ ትክክል ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሳቅ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው፤ ለነሱ «ዲው» አረንጓዴ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ለስላሳ መጠጥ ነው። «የማለዳ» የሚል ቃል ጨምሩበት፣ ሳቁ ይበርዳል።)

ወደ ሦስተኛው ስንኝ ልምጣ፤ የሚያስቸግረው እሱ ነው። «ምድሩ ደርቆ ሳለ አንቺ ብቻ ራስሽ።» ታሪኩ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 6 ላይ ነው። ጌዴዎን የበግ ጠጉር፣ ፀምሩን፣ በአውድማ ላይ ዘረጋ፤ ሌሊቱን ጠል ወረደ፤ ፀምሩ ረጠበ፣ ምድሩ ደረቅ ነበር። በማግስቱ ሌሊት ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ግጥሙ የያዘው ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ ነው። አባቶች ፀምሩን በእመቤታችን፣ ጠሉን ከላይ በወረደው ቃል ይመስሉታል።

«ራስሽ» ኅብረ ቃሉ ነው። ሰሙ «ራሰ» ከሚለው ግስ ነው፤ አንቺ ብቻ ረጠብሽ። ወርቁ «አንቺው ራስሽ» ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም፣ ከፍጥረት ሁሉ አንቺ። ልጆቹ ግን ሁለቱንም ትተው ሦስተኛውን ነው የሚሰሙት፦ «ራስሽን አበጥሪ» የሚባለውን ራስ። ሦስቱንም የሚሸከም አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የለም። እንደዚህ ሲያጋጥም ተርጓሚ ብዙ ጊዜ ሰሙን ብቻ ይተረጉምና ከሥር ረጅም ማስታወሻ ይጽፋል። ልጅ ማስታወሻ አያነብም። እኔ የማደርገው ድርቡን ፈትቼ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፦ «ዘ ግራውንድ ዋዝ ድራይ፤ ኦንሊ ዩ ዩርሰልፍ ዌር ዌት።» «ዩርሰልፍ» ወርቁን ያዘ፣ «ዌት» ሰሙን። ቅኔው ፈርሷል፤ ሁለቱም ፍቺ ግን ስንኙ ውስጥ ቀርቷል። ቅኔውን መልሶ የሚገጥመው መምህሩ ነው። «እስቲ ‹ራስሽ› በሉ» ይላቸዋል፤ «ምን ማለት ነው?» አንዷ ጭንቅላቷን ትይዛለች። «ልብስሽ በዝናብ ራሰ ስንልስ?» ከዚያ ወዲያ ሰምና ወርቅ የሚባለውን ነገር በትርጓሜ ቃል ማስረዳት አያስፈልግም፤ በአፋቸው ይዘውታል። እንግሊዝኛው ሁለቱን ፍቺ አስቀድሞ ባያቀርብላቸው ግን ይህ ጨዋታ አይጀመርም ነበር።

ቤት መምታትን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ እንግሊዝኛውን ቤት አታስመቱት። አማርኛ ግሡን ከመጨረሻ ስለሚያስቀምጥና ግሡም ባለቤቱን በቅጥያ ስለሚሸከም ቤት መምቻው ከሰዋስዉ ውስጥ ይወጣል፤ «ራስሽ» «ደረስሽ»ን ለመገናኘት ሩቅ አይሄድም። እንግሊዝኛ ግሡን መሐል ይጥላል፤ መጨረሻው ላይ የሚቀረው እንደ ዕድል ነው። «ዲው» መጨረሻ ላይ ከቀረ ተርጓሚው የሚገጥምለት ቃል ፍለጋ ይወጣና «ትሩ»ን ይዞ ይመለሳል። «እውነተኛ» የሚል ቃል ግጥሙ ውስጥ አልነበረም! አሁን ግን ልጁ ይሸመድደዋል፤ እመቤታችንም ያላልናትን ተባለች። ሌላም ጣጣ አለው። ቤት የመታ እንግሊዝኛ ብቻውን ይቆማል፤ ብቻውን የቆመ ነገር ደግሞ አማርኛውን አይፈልገውም። በዜማ በእንግሊዝኛ የሚዘመር መዝሙር ከፈለጋችሁ ሌላ ሥራ ነው፣ እንደ አዲስ ይጻፍ፤ ይህ ወረቀት ግን ልጁን ወደ ላይኛው መሥመር የሚመልስ እንጂ የሚያስቀር መሆን የለበትም።

ለዚህም አቀማመጡ ወሳኝ ነው። አማርኛውን በአንድ ገጽ፣ እንግሊዝኛውን በሌላ ገጽ ካደረጋችሁት የልጁ ዓይን ወደ ቀላሉ ሄዶ እዚያው ይቀራል። ስንኝ በስንኝ ይሁን፦ አንድ የአማርኛ ስንኝ በጎላ ፊደል፣ ከሥሩ እንግሊዝኛው አነስ ብሎ። በአንድ ስንኝ ውስጥ ቃላቱን እንደ እንግሊዝኛው ሥርዓት አገላብጡ፤ ከስንኝ ወደ ስንኝ ግን ምንም አታሻግሩ። የወል ቤት ለዚህ ይመቻል፤ ስንኞቹ በአብዛኛው እያንዳንዳቸው አሳብ ይቋጫሉ። የኛዎቹ አምስተኛና ስድስተኛ ስንኞች አሳቡን ይጋራሉ፤ እንደ ዕድል ሆኖ እንግሊዝኛም «ስወጣ» የሚለውን ክፍል አስቀድሞ «ነዪ»ን ማስከተል ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ሳይነካ ያልፋል።

አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሦስተኛ መሥመር ይጨመር የሚሉ አሉ። እኔ እቃወማለሁ። ዓይን ሰነፍ ነው፤ ላቲኑን ካገኘ ፊደሉን አያየውም። በላቲኑም «ጠ» እና «ተ» አንድ ይሆናሉ፣ «ቀ» እና «ከ» ይምታታሉ፤ ልጁ ከእናቱ የሰማውን ጥሩ ድምፅ ያበላሽበታል። ማንበብ ለሚከብደው ልጅ እናቱ ወይም አባቱ ግጥሙን በስልክ ቀድተው ይስጡት። ጆሮው ይቅደም፣ ጣቱ ይከተለው።

ከገጹ ግርጌ ሦስት አጫጭር ማስታወሻ ይበቃል፤ ምዕራፍ ብቻ። እሳቱና ቅጠሉ ኦሪት ዘጸአት 3፤ ጠሉ መጽሐፈ መሳፍንት 6፤ መሰላሉ ኦሪት ዘፍጥረት 28። ልጆቻችን እነዚህን ታሪኮች ከእንግሊዝኛ የሥዕል መጻሕፍት ያውቋቸዋል። ሙሴ ያየውን ቁጥቋጦ፣ ያዕቆብ በሕልሙ ያየውን መሰላል ያውቃሉ፤ የማያውቁት ቤተ ክርስቲያናችን እነዚህን ሁሉ በአንዲት ሴት እንደምትመስላቸው ነው። ስለዚህ ስንኙ ውስጥ «ቁጥቋጦ» የሚል ቃል አትጨምሩላቸው። «ዩ ኸልድ ዘ ፋየር ክሎስ፣ ኤንድ ኖት ኤ ሊፍ ዋዝ ሎስት» ብላችሁ ተዉት፤ ምዕራፉን አይተው «ይሄኮ የሙሴው ነው!» ሲሉ ያገኙት እነሱ ናቸው። ግጥማችሁ ከመዝሙረ ዳዊት ከጠቀሰ ግን ተጠንቀቁ፤ የኛ ቁጥርና የብዙዎቹ እንግሊዝኛ መጻሕፍት ቁጥር በአብዛኛው በአንድ ይለያያል። የኛ 136ኛ መዝሙር እነሱ ዘንድ 137ኛ ነው። ካላስተካከላችሁ ልጁ ሌላ መዝሙር ገልጦ ያፈጣል።

አሁን ወደ አምስተኛው ስንኝ፤ «እኔም በሰው አገር ደረጃ ስወጣ።» ይህ ለእኛ ቀላሉ ነው፣ ሳንተረጉመው ይገባናል። ደረጃው የምናጸዳው ሕንፃ ደረጃ ነው፣ የሥራ እድገቱም ነው። አንዲት ልጅ ግን እጇን አውጥታ «ሰው የተባለው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ከብዶኝ ነበር። ልጅቷ እዚሁ ተወልዳለች። የሰው አገር የምንለው የእሷ አገር ነው፤ «ሰው» ያልናቸው የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፣ ፓስፖርቷን ካያችሁ ደግሞ ራሷም ናት።

መውጫ መንገዶቹን አይቻቸዋለሁ። አንዱ «በሰው አገር»ን «ከቤት ርቄ» ማድረግ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ማንንም አይነካም፤ የልጅቷ ቤት ግን እዚሁ ነውና ከየትኛው ቤት እንደተራቀ አይነግራትም። ሁለተኛው መጣል ነው፤ «እኔም ደረጃ ስወጣ» ብሎ ማለፍ። አንዳንድ ወላጆች ይህን ይመርጣሉ፣ ልጁ ባዕድነት እንዳይሰማው። ስሜታቸው ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። ግጥሙ የልጁ ጸሎት ከመሆኑ በፊት የእናቱ ጸሎት ነው። «እኔ» የሚለው እሷ ናት፤ ሌሊት ፈረቃ ወጥታ በባዕድ ደረጃ ላይ «መሰላሌ ነዪ» ያለችው እሷ ናት። ያን ቃል ከጣልን ልጁ ግጥሙን አግኝቶ እናቱን አላገኘም።

ስለዚህ እንዳለ ተረጎምሁት፦ «ኢን አዘር ፒፕልስ ካንትሪ»። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ትንሽ ይሻክራል፤ ይሻክር። ከዚያ መምህሩ ልጆቹን ቤታቸው ሄደው «እማዬ፣ ‹የሰው አገር› ስትይ የት ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ያዝዛል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው መልስ ከማስታወሻ ሁሉ ይበልጣል። አንዳንዱ ቤት ውስጥ «የሰው አገር» ቤይሩት ነው፣ ሪያድ ነው፤ አሜሪካ የመጣችው በኋላ ነው። ልጁ ያን እስከዚያች ማታ አልሰማም ነበር።

ትርጉሙ መሥራቱን የማየው በቀላል ፈተና ነው። እንግሊዝኛውን በወረቀት እሸፍንና «እንድትመጣ የሚለምናት ቃል የቱ ነው?» እላለሁ። ጣቱ «ነዪ» ላይ ካረፈ ወረቀቱ ሥራውን ሠርቷል። ጣቱ ካመነታ ችግሩን የምፈልገው ከእንግሊዝኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ የማገኘውም አንድ ቦታ አስውቤ ለመጻፍ ብዬ ስንኙን ከአማርኛው ያላቀቅሁበትን ነው።

አራተኛውን ስንኝ ሆን ብዬ አቆይቼዋለሁ። «የሰው ልጅ ሲጠማ በጠልሽ ደረስሽ።» «ደረስሽ» የኛ የልመና ግሥ ነው፤ «ድረሽልኝ» ብለን የምንጮኽበት። መምጣት ብቻ አይደለም፣ ማዳንም ብቻ አይደለም፤ ሳይረፍድ መገኘት ነው። «ዩ ኬም» ብዬ ሞክሬዋለሁ፤ ችኮላው ጠፋ። «ዩ ሬስክዩድ» ብዬ ሞክሬዋለሁ፤ የእሳት አደጋ መኪና መጣብኝ። «ዩ ኬም ኢን ታይም» ይሻላል፤ እሱም አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ሰዓት ያያል። ወረቀቱ በየወንበራችሁ ላይ አለ፤ ከአራተኛው ስንኝ ሥር ያለው መሥመር ባዶ ነው። እርሳስ ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ታገኛላችሁ። ልጆቻችሁ ወለሉ ላይ ከሆኑ ጥሯቸው፤ ሻይ እስኪቀርብ ከእነሱ ጋር ሞክሩትና የጻፋችሁትን አንብቡልኝ።